ዋጋው ለታወቀ በግ የሚደረግ ክርክር፦ የትክል ድንጋይ ገዢና ሻጭ ስልት

ትክል ድንጋይ የላይ አርማጭሆ ወረዳ መቀመጫ ናት። ከጎንደር ተነስቶ ወደ ሳንጃና ወደ ሁመራ በሚወስደው መንገድ ላይ ስለምትገኝ፣ በገበያ ቀን ሁለት ዓይነት ሰው ይገናኝባታል። አንዱ ከዙሪያዋ ቀበሌዎች በጉን እየነዳ በእግሩ የሚገባው ገበሬ ነው። ሌላው ከጎንደር በሚኒባስ የመጣው ከተሜ ወይም መኪና አቁሞ በግ የሚሰበስበው ነጋዴ ነው። በተለይ ፋሲካ ሲቃረብ ሁለቱም ወገኖች የዕለቱን ዋጋ ሳያውቁ ወደ በግ ተራው አይገቡም። ገበሬው ከጎረቤቱ ሰምቷል፣ ነጋዴው ከጎንደር ደውሎ ጠይቋል፣ ከተሜውም መንገድ ላይ በግ እየጎተተ የሚመለሰውን ሰው ሁሉ «በስንት ገዛኸው?» እያለ መጥቷል።

ይህን ሁሉ እያወቁ ለምን ግማሽ ሰዓት ይከራከራሉ? መልሱን የያዘ ሰው ሲገዛም ሲሸጥም ገንዘብ ያተርፋል።

በግ ተራ ውስጥ ሚዛን የለም። በጉ በኪሎ አይሸጥም፤ በዓይን ታይቶ፣ በእጅ ተዳስሶ ነው የሚገመተው። ስለዚህ «የዛሬ ዋጋ» የሚባለው አንድ ቁጥር አይደለም። «እንዲህ ያለ ሙክት ከዚህ እስከዚህ ያወጣል» የሚል ስፋት ያለው ግምት ነው። ገዢውና ሻጩ የሚስማሙት በዚህ ግምት ላይ ነው። የሚከራከሩት ሁለት ነገር ላይ ነው፦ ይህ በግ ከግምቱ ወደ ላይኛው ጫፍ ይጠጋል ወይስ ወደ ታችኛው? ደግሞስ ከሁለታችን ዛሬ ሳይጨርስ መሄድ የማይችለው ማነው? የመጀመሪያው ጥያቄ የሚመለሰው በጉን በመመርመር ነው። ሁለተኛው የሚመለሰው ራስንና ፊት ለፊት የቆመውን ሰው በመመርመር ነው።

ከመጀመሪያው እንነሳ። ጎበዝ ገዢ ዋጋ ከመጠየቁ በፊት እጁን በጉ ጀርባ ላይ ያሳርፋል። አከርካሪውንና የጎኑን አጥንት በጣቱ ጫን ብሎ ይዳስሳል። ሥጋ የያዘ በግ ጀርባው ይሞላል፣ አጥንቱም ጫን ካላሉት አይሰማም። የከሳ በግ ጸጉሩ ቢያምርም አጥንቱ ጣት ላይ ይቆረቁራል። የደጋ በግ ጸጉሩ ረጅምና ድፍን ስለሆነ በዓይን ብቻ የገዛ ሰው ቤቱ ሄዶ ሲያርደው የሚያዝንበት ምክንያት ይኸው ነው። ቀጥሎ ላቱን ይጨብጣል፤ ላት የስብ ማከማቻ ስለሆነ የተቀለበ በግ ላቱ ወፍራምና ጠንካራ ይሆናል። ከዚያ ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን ያያል። የታችኛው መንጋጋ የፊት ጥርሶች ሁሉ ትንንሽ የወተት ጥርስ ከሆኑ በጉ አብዛኛውን ጊዜ ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው። መሀል ላይ ሁለት ትልልቅ ጥርስ ካበቀለ ዓመቱን አልፏል። አራቱም ጥንድ ተቀይሮ ካለቀ ደግሞ ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ነው፤ ሥጋውም እንደ ወጣቱ አይለሰልስም።

ሆዱም መታየት አለበት። አንዳንድ ሻጭ ከገበያ በፊት ጨው አልሶ ውሃ በብዛት ያጠጣል። በጉ ሆዱ ተነፍቶ የሞላ ይመስላል። ይህን ለመለየት ሆድና ጀርባን ማነጻጸር ይበቃል፦ ሆዱ ተወጥሮ ጀርባው አጥንት ብቻ ከሆነ ዋጋ ሊከፈልበት የተዘጋጀው ውሃ ነው። ከአፍንጫው ፈሳሽ የሚወርድ፣ የሚያስል፣ ጭራው ሥር በተቅማጥ የቆሸሸ በግ በርካሽ ቢገኝም መተው ነው። ለበዓል የሚፈለገው ቀለም ቀይ ወይም ነጭ ስለሆነ ጥቁር በግ በገበያው ቅናሽ ይወጣል። ሥጋው ግን ከቀዩ አይለይም፤ ለቀለም ግድ የሌለው ሰው በዚህ ብቻ ጥሩ ገንዘብ ማዳን ይችላል።

ይህ ምርመራ ከጤና በላይ ለክርክሩ ጥቅም አለው። ዋጋው ለሁለቱም በታወቀበት ገበያ «በዛ፣ ቀንስ» የሚል ቃል ምንም አያንቀሳቅስም። ሻጩ «ሁሉም በዚህ እየሸጠ ነው» ብሎ ይዘጋዋል፣ እውነቱንም ነው። «ጀርባው ላይ አጥንቱ ይሰማል፣ ይዳስሱት» ከተባለ ግን ንግግሩ ስለ ገበያው መሆኑ ቀርቶ ስለዚህ በግ ይሆናል። ሻጩም ክብሩ ሳይነካ ዝቅ ለማለት ምክንያት ያገኛል። ሰው ያለ ምክንያት መቀነስን እንደ መሸነፍ ይቆጥረዋል፤ ምክንያት ሲሰጡት ግን ይለሳለሳል። ጉድለቱን የመናገሪያው ጊዜም አለው፦ ሻጩ ዋጋ ከጠራ በኋላ፣ ገዢው ከመጥራቱ በፊት። ገዢው ዋጋ ጠርቶ ካበቃ በኋላ የሚያነሳው ጉድለት ሰበብ ይመስላል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ፣ ወደ ሰዎቹ እንሻገር። ቀጥሎ ያለው ቁጥር ለስሌት እንዲመች ብቻ የተወሰደ ነውና የዛሬን ዋጋ እያዩ ይለውጡት። በዕለቱ መካከለኛ ሙክት 10,500 ብር አካባቢ እየተሸጠ ነው እንበል። ሻጩ አንድ አዛውንት ገበሬ ናቸው። ጠዋት አንድ ነጋዴ 9,800 ብር ጠርቶላቸው አልሸጥም ብለዋል፤ ነጋዴው ግን መኪናው እስኪሞላ አይሄድም። ስለዚህ ገበሬው ሌላ ገዢ ባያገኙ እንኳ 9,800 ብር አያጡም። ከዚያ በታች ለማንም አይሸጡም፤ ይህ የመጨረሻ ወለላቸው ነው። ገዢው ከጎንደር የመጣ ወጣት ነው። ተመሳሳይ በግ ጎንደር ላይ 11,400 ብር መሆኑን አይቷል። የራሱ ደርሶ መልስ የመኪና ዋጋና በጉን ለማስጫን የሚከፍለው ተደምሮ 400 ብር ይሆናል። ስለዚህ ትክል ድንጋይ ላይ ከ11,000 ብር በላይ ከሰጠ ድካሙ በከንቱ ነው፤ ይህ ጣሪያው ነው።

ከ9,800 እስከ 11,000 ባለው በየትኛውም ዋጋ ቢስማሙ ሁለቱም ተጠቅመዋል ማለት ነው። ክርክሩ በመካከል ያለው 1,200 ብር እንዴት ይከፈል የሚል ነው። የገበያ ዋጋ መታወቁ ይህን ክፍተት ያጠበዋል እንጂ አያጠፋውም። ሁለቱም ወለላቸውንና ጣሪያቸውን ያሰሉት ክርክሩ ከመጀመሩ በፊት መሆኑን ልብ በሉ። ይህን ቁጥር በግ ተራው መሀል ቆሞ፣ ሰው ከቦት፣ በጉን እየወደደው ለማስላት የሚሞክር ሰው ጣሪያው ሳያስበው ከፍ ይላል።

ወጣቱ ሦስት አራት በግ ከዳሰሰ በኋላ ወደ አዛውንቱ ይቀርባል። አንዱን በግ ብቻ ሲያይ ሲነካ የቆየ ሰው ልቡ እንደወደቀ ይታወቅበታልና ሌሎቹንም መዳሰሱ ከንቱ አይደለም።

«ደህና ዋሉ አባባ። ይሄን ስንት ይላሉ?»

«ደህና ነህ ልጄ? በጉን አየኸው፣ አንተው ጥራ።»

«ባለቤቱ አንቱ ሆነው እኔ ልጥራ? አንቱ ይጥሩ።»

«እሺ። አሥራ ሁለት ሺ ስጠኝ።»

ማን ቀድሞ ይጥራ የሚለው መገፋፋት ለወግ ብቻ የሚደረግ አይደለም። ዋጋውን በደንብ የማያውቅ ሰው ቀድሞ ከጠራ አለማወቁን አሳልፎ ይሰጣል። ዋጋውን የሚያውቅ ሰው ግን ቀድሞ በመጥራት አይጎዳም፤ እንዲያውም ክርክሩን ከራሱ ቁጥር ማስጀመር ይችላል። ምክር ካስፈለገ፣ ከገበያው ዳር ያገኛችኋቸው ሰዎች የነገሯችሁ ዋጋ ተቀራራቢ ከሆነ ለመጥራት አትፍሩ፤ የተራራቀ ከሆነ ግን ሌላው ይቅደም።

አዛውንቱ 12,000 ብለዋል። ከገበያው ዋጋ 1,500 ብር ከፍ ማለት ነው። ወጣቱ ምን ይበል? ብዙ ጨዋ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። «ዋጋው 10,500 መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን፣ ምን አደከመን» ብሎ 10,000 ይጠራል። ከዚያ ሁለቱም እኩል እየተጠጉ ከሄዱ የሚገናኙት በ12,000 እና በ10,000 መካከል፣ ማለትም በ11,000 ብር ላይ ነው። ያ ደግሞ የወጣቱ ጣሪያ ነው፤ ከጎንደር መምጣቱ ምንም አላተረፈለትም። የድርድር አጥኚዎች በተደጋጋሚ እንዳስተዋሉት፣ ሁለቱ የመጀመሪያ ጥሪዎች ከታወቁ የመጨረሻው ስምምነት ብዙውን ጊዜ ከመካከላቸው እምብዛም አይርቅም። ስለዚህ የገዢው የመጀመሪያ ጥሪ የሚለካው ከሻጩ ጥሪ አንጻር ነው፦ ሻጩ ከገበያው ዋጋ የራቀውን ያህል ገዢውም ወደ ታች ይራቅ። 1,500 ወደ ላይ ከተባለ 1,500 ወደ ታች፤ 9,000 ብር።

«አባባ፣ ጀርባው ላይ አጥንቱ ይሰማል። ጥርሱም ገና አልበቀለም። ዘጠኝ ሺ ይውሰዱ።»

«ዘጠኝ ሺማ በጠዋቱም አልተሸጠ! እኔ ባቄላ ገለባና አተላ ስመግበው የከረምኩት ነው። ጨምር።»

ዝቅ አድርጎ መጥራትም ልክ አለው። ዋጋው በሚታወቅበት ገበያ ከልክ ያለፈ ዝቅተኛ ጥሪ፣ ለምሳሌ 6,000 ብር፣ ሻጩን አያስደነግጠውም፤ ወይ ያስቀይመዋል ወይ «ይሄ የሚገዛ ሰው አይደለም» ብሎ ፊቱን ያዞርበታል። ከልክ ያለፈ ከፍተኛ ጥሪም እንዲሁ ነው። ገዢው መልስ ሳይሰጥ ያልፋል፤ ሻጩም ምናልባት የዕለቱን ጥሩ ገዢ አጣ።

ከዚህ በኋላ መጠጋጋቱ ይጀመራል። አዛውንቱ 11,400 ይላሉ፣ ወጣቱ 9,600። ቀጥሎ 11,000 እና 10,000። ቀጥሎ 10,800 እና 10,200። እርምጃዎቹን ተመልከቱ፦ መጀመሪያ 600፣ ከዚያ 400፣ ከዚያ 200። እያነሱ መሄዳቸው ራሱ ንግግር ነው። «ወደ መጨረሻዬ ደርሻለሁ» ማለት ነው። ይህን የማያውቅ ገዢ መጀመሪያ መቶ፣ ከዚያ ሁለት መቶ፣ ከዚያ አምስት መቶ እያለ ይጨምራል። ሻጩም ገና ብዙ እንዳለ ተረድቶ ዝም ብሎ ይጠብቀዋል። እየተጠጉ ሲሄዱ እርምጃን ማሳነስ ሻጭም ገዢም ሊይዘው የሚገባ ልማድ ነው።

10,800 እና 10,200 ላይ ሲደርሱ ከጎን የቆመ ሰው ጣልቃ ይገባል። «አንተም ሦስት መቶ ጨምር፣ አንቱም ሦስት መቶ ይቀንሱ፣ ሂዱ።» በ10,500 ብር ተስማሙ፤ የገበያው ዋጋ ላይ። ወጣቱ ከጣሪያው በታች 500 ብር አተረፈ፣ አዛውንቱ ከወለላቸው በላይ 700 ብር አገኙ።

«መሀል ላይ እንገናኝ» የሚለው ሐሳብ ፍትሐዊ የሚሆነው ግን ሁለቱም እኩል ሲጠጉ ብቻ ነው። አዛውንቱ ከ12,000 ወደ 11,600 ብቻ ወርደው ወጣቱ ከ9,000 ወደ 10,200 ቢወጣ ኖሮ፣ «እንካፈለው» የሚለው ቃል 10,900 ላይ ያሳርፈው ነበር። ስለዚህ ሲካፈሉ የሚታየው የቀረው ርቀት ብቻ ሳይሆን እስካሁን ማን ስንት ተራመደ የሚለው ነው። የእናንተ እርምጃ ከበዛ አታካፍሉ፤ «እኔ ሁለት ጊዜ ጨመርኩ፣ አሁን ተራው የአንቱ ነው» በሉ።

ያ ከጎን የገባው ሰው ማነው? አንዳንዴ ምንም የማይፈልግ ገላጋይ ነው፤ ሁለት ሰው ሲከራከር ዝም ብሎ ማየት የማይችል ሰው በገበያችን ብዙ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ደላላ ነው። ደላላ በራሱ መጥፎ አይደለም። ገዢና ሻጭ ያገናኛል፣ እልህ የተጋቡትንም ያግባባል፣ ለዚህም ክፍያ ይጠይቃል። ችግሩ ማን እንደሚከፍለው ሳይታወቅ ሲቀር ነው። መለያው ቀላል ነው። እውነተኛ ገላጋይ ሁለቱንም ይገፋል፦ «አንተም ጨምር፣ አንተም ቀንስ» ይላል። የአንዱን ወገን ብቻ ደጋግሞ የሚገፋ ከሆነ ከሌላው ወገን የሚያገኘው አለ። ስለዚህ ከመጀመሪያው «የአንተን ማን ነው የሚከፍለው? ስንትስ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ክፍያው ከእናንተ ከሆነ በጣሪያችሁ ውስጥ ተካቶ ይሰላ። በጉ ላይ 300 ብር አስቀንሶ ለደላላው 300 ብር የከፈለ ሰው አልቀነሰም። ገበያው የሚያስከፍለውን ቀረጥና የገመዱን ነገርም እንዲሁ ዋጋ ከመቆረጡ በፊት መናገር ይሻላል። ዋጋ ከተቆረጠ በኋላ «ገመዱ የኔ ነው» መባል የገበያ ጠብ የሚጀምርበት ሁነኛ ቦታ ነው።

ስለ ትዕግሥት ትንሽ መናገር አለብኝ፤ ከስልቶች ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነውና። አርየል ሩቢንስታይን የተባለ እስራኤላዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተመው ሥራው ይህንኑ በሒሳብ አሳይቷል። ሁለት ሰዎች ተራ በተራ እየጠሩ አንድ ትርፍ ሲካፈሉ፣ መጠበቅ የማይጎዳው ሰው ሰፊውን ድርሻ ይወስዳል። ወደ ትክል ድንጋይ ስንመልሰው፣ ጥያቄው «ዛሬ ሳይሸጥ ወይም ሳይገዛ መሄድ ለማን ይከብዳል?» ይሆናል። ገበሬው በጉን መልሶ ቢነዳው የእግር መንገድ፣ የሳምንት መኖና የመታመም ስጋት አለበት። ፋሲካ በሚያዝያ ገደማ ስለሚውል ክረምት ሳይገባ ለማዳበሪያና ለዘር ገንዘብ የሚፈልግበት ወቅትም ነው። ነጋዴው ይህን ያውቃል። ለዚህ ነው ጠዋት ጠርቶ ዘወር የሚለው፣ ከሰዓት በኋላም የሚመለሰው። ፀሐይ ባዘቀዘቀች ቁጥር የገበሬው ወለል እየወረደ እንደሚሄድ ስለሚያውቅ ነው።

የገበሬው መከላከያ ከቤት ሳይወጣ የሚዘጋጅ ነው። በመጀመሪያ የዕለቱ ገንዘብ ጉዳይ ለማንም መነገር የለበትም። «የማዳበሪያ ቀነ ገደብ ደርሶብኝ ነው» ያለ ሻጭ ወለሉን ራሱ አሳየ። ሁለተኛ፣ ከሌላ ሰዓት ይልቅ በጠዋቱ ገበያ መግባት ያዋጣል፤ ከጎንደር የሚመጡ ገዢዎች መመለሻ መኪና እንዳያመልጣቸው ቶሎ የሚጨርሱ ናቸውና ምርጡ ዋጋ ብዙውን ጊዜ የነሱ ነው። ሦስተኛ፣ ሁለት በግ ያለው ሰው ትልቁን ከትንሹ አጠገብ ያቁመው፤ ትልቁ በይበልጥ ትልቅ ይመስላል። ከሁሉ በላይ ግን ሁለተኛ ገዢ በዓይን መኖሩ ነው። ነጋዴው የጠራው 9,800 ብር ለአዛውንቱ ገንዘብ ባይሆንም ጉልበት ሆኗቸዋል። ጠዋት የተጠራን ዋጋ በንዴት ከመመለስ «አየዋለሁ» ብሎ ነጋዴውን በበጎ ማሰናበት የሚሻለው ለዚህ ነው።

ከተሜውም የራሱ ድክመት አለው። በዋዜማው ከመጣ እሱ ነው ባዶ እጁን መመለስ የማይችለው፤ ልጆች እየጠበቁት ነው። በዚያን ሰዓት ሻጩ ሁሉ ያውቅበታል። ስለዚህ ለበዓል የሚገዛ ሰው ቢያንስ ከዋዜማው በፊት በነበረው የገበያ ቀን ቢገዛና ጥቂት ቀን ቤት ቢያሳድረው የመኖው ወጪ ከዋዜማው ጭማሪ ያንሳል።

ዘወር ብሎ መሄድስ? ብዙ ሰው የሚያውቀው ስልት ይህ ነው፤ ብዙ ሰውም ያለ ቦታው ይጠቀምበታል። ዋጋው በታወቀበት ገበያ መሄድ ማስፈራሪያ ሳይሆን መጠየቂያ ነው። ጥቂት እርምጃ ሲሄዱ ሻጩ ከጠራችሁ የጠራችሁት ዋጋ ከወለሉ በላይ ነበር ማለት ነው። ካልጠራችሁ ደግሞ ከወለሉ በታች ነበር። ሁለቱም መልስ ነው። ካልተጠራችሁ ዝም ብላችሁ ሌላ በግ ጠይቁ፤ ለሦስት ሻጭ ተመሳሳይ ዋጋ ሰጥታችሁ አንዱም መልሶ ካልጠራችሁ ስህተቱ የእናንተ ግምት ነው። ወደ መጀመሪያው ሻጭ መመለስ ቢያስፈልግ ግን አስቀድማችሁ አስቡበት፤ የተመለሰ ገዢ ሌላ እንዳላገኘ ተናግሯልና ሻጩ ከዚያ በኋላ አንድ መቶ ብር መቀነሱም ያጠራጥራል። ለመመለስ የሚያስችለው መንገድ ሲለዩ «ዞር ዞር ብዬ ልምጣ» ብሎ በሰላም መለየት ነው።

ክሊፎርድ ጊርትዝ የተባለው አሜሪካዊ የሰው ልጅ ባህል አጥኚ በሞሮኮዋ ሰፍሩ ከተማ ገበያ ላይ ባደረገው ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ1978 አንድ ጥሩ ነገር ጽፏል። በእንዲህ ያለ ገበያ ሰው ሁለት ዓይነት ፍለጋ ያደርጋል፦ ብዙ ሻጮችን በስፋት መጠየቅና ከአንዱ ጋር ጠልቆ መከራከር። ዋጋውን ለማወቅ ስፋቱ፣ የዚህን ዕቃ ልክ ለማወቅ ጥልቀቱ ይጠቅማል። የእኛ ሰው ስፋቱን መንገድ ላይ «በስንት ገዛኸው?» እያለ ያጠናቅቀዋል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የገዛ ሰው ሁሉ እውነቱን አይናገርም። ጉብዝናውን ለማሳየት ዝቅ የሚያደርግ አለ፣ የበጉን ትልቅነት ለማስደነቅ ከፍ የሚያደርግም አለ። አንድ ሰው ጠይቆ ከማመን አራት አምስት ሰው ጠይቆ ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ጥሎ መሀሉን መያዝ ይሻላል። ከቁጥሩ ጋር በጉንም ማየት ነው፤ የጠቦት ዋጋ ለሙክት አይሆንም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው የታወቀው ዋጋ እውነትም የዛሬ ዋጋ ሲሆን ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ የበግ ፈላጊ ይቀንሳል፣ ፋሲካ ሲደርስ ደግሞ በጥቂት ቀን ውስጥ ይበዛል። ብር በዋጋ ሲወርድ ባለፈው ወር የሰማነው ቁጥር ያረጃል። ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ከተዘጋ ነጋዴ አይመጣም፣ ትክል ድንጋይ ላይ ዋጋው ሲወድቅ ጎንደር ላይ ይወጣል። ዋጋ መነቃነቁን የምታውቁት የተጠየቁት ሰዎች መልስ ሲራራቅ ነው። አንዱ 9,000፣ ሌላው 12,000 የሚል ከሆነ የታወቀ ዋጋ የለም ማለት ነውና ቀድማችሁ አትጥሩ፣ ትንሽ ቆማችሁ የሌሎችን ክርክር ስሙ። ሌላው ምልክት የመጀመሪያ ጥሪያችሁ ወዲያው «ውሰድ» ሲባል ነው። ያን ጊዜ ወይ ዋጋው ወርዷል ወይ በጉ ያላያችሁት ነገር አለበት።

እዚህ ላይ ግን የገበያው ሕግ ጥብቅ ነው። ዋጋ ጠርቶ «ውሰድ» ከተባሉ በኋላ መመለስ ነውር ነው፣ ገበያተኛውም ይታዘባል። ስለዚህ ምርመራው ሁሉ ከጥሪ በፊት ያልቃል፤ ከጥሪ በኋላ ያለው ክርክር የዋጋ ብቻ ነው። ሁለት ሰዎች እየተከራከሩ ሳሉ ሌላው በላያቸው ዋጋ መጨመርም እንዲሁ አይወደድም። በጉን የፈለገ ሦስተኛ ሰው ዳር ቆሞ ይጠብቃል፤ ሲለያዩ ይቀርባል።

ዋጋ ከተቆረጠ በኋላ ሁለቱም እያዩ ገንዘቡ ይቆጠር። የግርግር ሰዓት ነውና ሻጩ ብሩን ቆጥሮ፣ የተቀደደና አጠራጣሪ የሆነውን እዚያው ለይቶ ይመልስ፤ ገመዱን ከዚያ በፊት አሳልፎ አይስጥ። በቴሌብር የሚከፈል ከሆነ ሻጩ የገዢውን ስልክ ማየት አይበቃውም፣ መልእክቱ በራሱ ስልክ እስኪገባ ይጠብቅ።

ለበዓል በግ የግድ የሌለበት፣ ለማርባትና ለማድለብ የሚገዛ ሰው ግን ከፋሲካ በፊት ባሉት የገበያ ቀናት ጨርሶ ባይገዛ ነው የሚሻለው። በእነዚያ ቀናት መጠበቅ ከማይችለው ከተሜ ጋር እኩል ተሰልፎ የዋዜማ ዋጋ ይከፍላል። በዓሉ አልፎ ከጎንደር የሚመጣው ሰው ሲቀንስ በጉ እዚያው ነው፤ ያን ጊዜ ሂዱና ግዙ።